ከአንድ ጠርሙስ የወጡት ሦስት አኒዮኖች

ወረቀቱ ተልጦ የወደቀበት የግማሽ ኪሎ ጠርሙስ ነበር። ክዳኑ ላልቷል። ውስጡ ነጭ ጨው አለ፤ ዳር ዳሩ ተጋግሮ ጠጥሯል። ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲገኝ ሁለት መንገድ አለ። ወይ እንደ ቆሻሻ ይወገዳል፣ ወይ ምን እንደሆነ ተመርምሮ ይለያል። እኔ የአኒዮን፣ ማለትም አሉታዊ ሙል ያለውን የጨው ክፍል፣ ምርመራ የምትለማመድ ተማሪ ስለነበረችኝ ሁለተኛውን መረጥኩ።

"ይቺን ጨው ውሰጂና ምን አኒዮን እንዳለባት ንገሪኝ" አልኳት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ መጣች። ፊቷ በርቷል።

"ቲቸር፣ ሦስት አገኘሁ። ካርቦኔት፣ ሰልፌት፣ ክሎራይድ።"

ይሄ ብቻውን ያጠራጥራል። በኬሚካል ጠርሙስ የሚመጣ ጨው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አኒዮን ነው ያለው። ድብልቅ ሊሆን አይችልም አልልም። ግን ሦስቱ የታወቁ ምርመራዎች በተከታታይ "አዎ" ካሉ፣ ጨዉን ከማመን በፊት አሠራሩን ማየት ይሻላል።

ደብተሯን ተቀብዬ አነበብኩት። ጨዉን በሙከራ ቱቦ ውስጥ በውሃ አሟሙታለች። የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምራለች። "ትንሽ ሳሞቀው አረፋ ወጣ" ይላል። ጋዙን በማስተላለፊያ ቱቦ ወደ ኖራ ውሃ ስትልከው የኖራ ውሃው ወተት መሰለ። "ካርቦኔት" ብላ ጻፈች። እዚያው ቱቦ ላይ ባሪየም ክሎራይድ ጨመረች። አሲዱ ያላሟሟው ነጭ ዝቃጭ ወረደ። "ሰልፌት።" ዝቃጩን አጣርታ ባወጣችው ጥርት ያለ ፈሳሽ ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረገች። እንደ እርጎ የተቆራረጠ ነጭ ዝቃጭ ሆነ፤ አሞኒያ ሲጨመርበት ሟሟ። "ክሎራይድ።"

ቅደም ተከተሉን እዩልኝ። መጀመሪያ ካርቦኔት፣ ቀጥሎ ሰልፌት፣ መጨረሻ እንደ ክሎራይድ ያሉት ሃላይዶች። ልክ እንደተማረችው ነው። የተሳሳተችው ተራውን ጠብቃ ነው፤ ጉዳዩን ልጽፈው የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ተራው ለምን እንደዚያ ሆነ

ባሪየም የሰልፌት ብቻ ወዳጅ አይደለም። ከካርቦኔት ጋርም፣ ከሰልፋይት ጋርም፣ ከፎስፌት ጋርም በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ሲልቨር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ከክሎራይድ፣ ከብሮማይድና ከአዮዳይድ ሌላ ካርቦኔትንም ሰልፋይትንም ያዘቅጣል። የሰልፌቱ ክምችት ከፍ ካለ ሲልቨር ሰልፌትም ነጭ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ያልታወቀ ጨው ላይ በቀጥታ ሲልቨር ናይትሬት አንጠባጥቦ ነጭ ነገር ያየ ሰው ምን እንዳየ አያውቅም።

የተለመደው ተራ ይህን ችግር እንደ ወንፊት ነው የሚፈታው። አሲዱ መጀመሪያ ይገባል። ካርቦኔት ካለ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ መኖሩንም ይናገራል፣ ከመንገድም ይወገዳል። ቀጥሎ ባሪየም ይገባል። አሲድ ባለበት ከተለመዱት አኒዮኖች ውስጥ ከባሪየም ጋር ዝቃጭ ሆኖ የሚቀረው ሰልፌት ነው። እሱ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ ሲልቨር የሚያገኘው ሃላይድን ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ምርመራ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ ለሚቀጥለው ደግሞ መንገድ ይጠርጋል።

ወንፊቱ ግን ዋጋ አለው። ቱቦው ውስጥ የጨመርከው ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቱቦ ልትሠራ ከሆነ አሲዱ ናይትሪክ፣ ባሪየሙም ባሪየም ናይትሬት መሆን አለበት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከገባ የክሎራይድ ጥያቄ እዚያው ሞተ። ሰልፈሪክ አሲድ ከገባ ደግሞ የሰልፌት ጥያቄ ሞተ።

"ክሎራይድሽ ከየት መጣ?" አልኳት።

"ከጨው ነዋ።"

ምንም አላልኩም። ንጹህ ቱቦ ሰጠኋትና ጨው የሌለበት ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ይዛ ያንኑ ሥራ እንድትደግም ነገርኳት። አሲዱን ጨመረች። ባሪየም ክሎራይዱን ጨመረች። ሲልቨር ናይትሬቱን ጠብ አደረገች። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነ። ለጥቂት ሰከንድ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ጠርሙሱን አንስታ ጮክ ብላ አነበበች፤ "ባሪየም... ክሎራይድ።" ሳቀች። አሲዱንም አየችው። ክሎራይዱን ሁለት ጊዜ ነው የጨመረችው።

ዝቃጩ እውነተኛ ሲልቨር ክሎራይድ ነበር። በአሞኒያ የሟሟውም ስለዚህ ነው። ማረጋገጫ ተብሎ የሚሠራው የአሞኒያ ምርመራ እዚህ ላይ ምንም አላዳናትም። ዝቃጩ ምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ከየት እንደመጣ የሚናገረው ያ በባዶ ውሃ የተሠራው ቱቦ ነው። ደብተሯ ላይ አንድ ባዶ ቱቦ ቢኖር ኖሮ ክሎራይድ ገና ሳይጻፍ ይሰረዝ ነበር።

"እሺ፣ ሁሉንም በናይትሪክ አሲድ ልድገመው" አለች።

ምክንያቷ ትክክል ነው። ግን ቆይ አልኳት። መጀመሪያ ያ ጋዝ ምን እንደሆነ መለየት አለበት።

አረፋው የዘገየበት ምክንያት

ደብተሯ ውስጥ ዓይኔን የያዘችው ቃል "ሳሞቀው" የምትለው ነበረች። ካርቦኔት አሲድ ሲነካው ማንንም አይጠብቅም። በቀዝቃዛው፣ ወዲያው፣ ፉጨት እያሰማ ይፈላል። ይሄ ግን ሙቀት ጠየቀ። ውሃ ውስጥ በደንብ የሚሟሟ ጋዝ ነው እንዲህ የሚያደርገው። መጀመሪያ ፈሳሹ ውስጥ ይቆያል፤ ሲሞቅ ብቻ ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር ሽታ ነው። ደብተሩ ላይ ስለ ሽታ አንድም ቃል የለም። አዲስ ቱቦ ወስደን የስፓቹላ ጫፍ ያህል ጨው ጨመርን። 2 ሚሊ ሊትር ያህል 2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አፈሰስንበት፤ በጣም በትንሹም አሞቅነው። ከቱቦው አፍ ራቅ ብዬ አየሩን በእጄ ወደ አፍንጫዬ ገፋ ገፋ አደረግሁ። ቱቦ ላይ አፍንጫ አይደፋም፤ በተለይ አስም ያለበት ሰው ይሄን ጋዝ ከነጭራሹ መሽተት የለበትም። ሽታው ክብሪት በተጫረበት ቅጽበት የሚመጣው፣ ጉሮሮ የሚቆነጥጠው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታ የለውም። ይሄ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው።

"የኖራ ውሃው ግን ነጭ ሆኗል እኮ!"

አዎ ሆኗል። የኖራ ውሃ የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ነጭ ካልሲየም ካርቦኔት ይሠራል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ደግሞ ነጭ ካልሲየም ሰልፋይት ይሠራል። በዓይን አይለዩም። ይባስ ብሎ ጋዙ ብዙ ሲገባ ሁለቱም ነጭነታቸው ጠፍቶ እንደገና ጥርት ይላሉ። "የኖራ ውሃው ወተት መሰለ፣ ስለዚህ ካርቦኔት ነው" የሚባለው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አለመኖሩ አስቀድሞ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።

ሽታ ግን ማስረጃ ሆኖ ደብተር ላይ ብቻውን አይቆምም። የማጣሪያ ወረቀት ቁራጭ አሲድ በተጨመረበት ፖታሲየም ዳይክሮሜት አርሰን ከቱቦው አፍ በላይ ያዝነው። ብርቱካናማው ወረቀት ከመሃሉ ጀምሮ አረንጓዴ ሆነ። ዳይክሮሜት መርዛማ ነው፤ ካንሰርም ያመጣል። ስለዚህ ወረቀቱ በጓንትና በመቆንጠጫ ነው የሚያዘው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰልፋይድ ያለበት ጨው አሲድ ሲነካው የሚያወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ይህን ወረቀት አረንጓዴ ያደርጋል። የእሱ ሽታ የበሰበሰ እንቁላል ስለሆነ ብዙም አያምታታም፤ ቢሆንም ሌድ አሲቴት የነካው ወረቀት ይዘን አየን። አልጠቆረም። ሰልፋይድ የለም ማለት ነው። ታዮሰልፌትም በአሲድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ እሱ ግን ፈሳሹን በቢጫማ የሰልፈር ደለል ያደፈርሰዋል። ቱቦአችንን አስር ደቂቃ ያህል አቆየነው። ጥርት እንዳለ ነው። የቀረው ሰልፋይት ብቻ ነው።

በአማርኛ ስንጽፋቸው ሰልፌት፣ ሰልፋይት፣ ሰልፋይድ ለዓይን የሚቀራረቡ ቃላት ናቸው። ደብተር ላይ ጎን ለጎን ፎርሙላቸውን መጻፍ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል፤ SO₄²⁻፣ SO₃²⁻፣ S²⁻።

"በናይትሪክ አሲድ ልድገመው" ስትል ቆይ ያልኳትም በዚሁ ምክንያት ነው። ናይትሪክ አሲድ ኦክሲጅን ሰጪ ነው። በተለይ ሲሞቅ ሰልፋይቱን ወደ ሰልፌት ይለውጠዋል። ከዚያ ባሪየም ስትጨምር የምታየው ሰልፌት አንተ ራስህ የሠራኸው ነው። በመጀመሪያው ዙር ክሎራይድ ሠርታ ነበር፤ በሁለተኛው ሰልፌት ልትሠራ ነበር። ሰልፋይት ባለበት ጨው የሰልፌት ምርመራ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ የክሎራይድ ምርመራ ደግሞ በናይትሪክ አሲድ ነው የሚሠራው። ሁለቱ በአንድ ቱቦ አይሄዱም። ስለዚህ 1 ግራም ያህል ጨው በ20 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አሟሟን። ለእያንዳንዱ ጥያቄም ከዚያ ላይ አዲስ 2 ሚሊ ሊትር እየቀዳን ሄድን። ተራው አልተቀየረም፤ የተቀየረው ቱቦው ነው።

ጨው በውሃ መሟሟቱ እዚህ ላይ ዕድል ነበር። ባይሟሟ ኖሮ ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር አፍልተን አኒዮኖቹን ወደ ውሃው ማውጣት ነበረብን። ያን ጊዜ የካርቦኔት ምርመራ የሚሠራው ከመጀመሪያው ደረቅ ጨው ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላማ ካርቦኔቱን እኛው ጨምረናል።

ካርቦኔት በእርግጥ አለ ወይ?

ሰልፋይት ተገኘ ማለት ካርቦኔት የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ችግሩ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ የኖራ ውሃውን ቀድሞ ነጭ ስለሚያደርገው ነው። መፍትሔው ጋዙ ከመውጣቱ በፊት ሰልፋይቱን ማጥፋት ነው። ደረቅ ጨው ላይ ፖታሲየም ዳይክሮሜት አብዝተን ቀላቀልን፤ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ጨመርን፤ የሚወጣውን ወደ አዲስ የኖራ ውሃ ላክነው። ዳይክሮሜቱ ሰልፋይቱን እዚያው ቱቦ ውስጥ ወደ ሰልፌት ስለሚለውጠው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አይወጣም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ዳይክሮሜት አይነካውም። ካለ ይወጣል።

የኖራ ውሃው ጥርት እንዳለ ቀረ።

"የለም" ብላ ልትጽፍ ስትል አስቆምኳት። ምንም አለመታየቱ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ካርቦኔት የለም፣ ወይ አሠራራችን ካርቦኔትን የማያሳይ ነው። ማስተላለፊያ ቱቦው ቢያፈስስ? የኖራ ውሃው አሮጌ ቢሆንስ? ያንኑ ድብልቅ እንደገና ሠራንና የስፓቹላ ጫፍ ያህል ሶዲየም ካርቦኔት ሆን ብለን ጨመርንበት። የኖራ ውሃው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነጭ ሆነ። አሁን "የለም" የሚለው ቃል ክብደት አገኘ። ከዚያ ያነሰ ትንሽ ካርቦኔት ሊያመልጠን ይችላል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ይበቃል።

ሰልፌቱ፦ ሁለት ጊዜ ነጭ የሆነው ቱቦ

ከሦስቱ መልሶቿ በጣም ያከራከረን ሰልፌቱ ነው። ሰልፋይት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአሲድ ውስጥ ባሪየም ሊያዘቅጠው አይገባም ነበር። እሷ ግን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ አይታለች። እውነት ሰልፌት አለ? ወይስ ሌላ ስህተት ነው?

አንድ የታወቀ ስህተት አለ። ሃይድሮክሎሪክ አሲዱ ያልቀጠነ ከሆነ ባሪየም ክሎራይዱ ራሱ ነጭ ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል። እሱ ግን ውሃ ሲጨመርበት ይሟሟል። የእሷን ዝቃጭ በውሃ አቅጥነን አየነው። ንቅንቅ አላለም።

ቀጥሎ የሠራነው በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ከመጀመሪያው ሙሙት 2 ሚሊ ሊትር ቀድተን፣ አሲድ ሳንጨምር፣ ባሪየም ክሎራይድ አትረፍርፈን ጨመርን። ቱቦው እንደ ወተት ሆነ። ይሄ ባሪየም ሰልፋይትና፣ ካለም፣ ባሪየም ሰልፌት ነው። አሁን የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ በጠብታ። ያ ክብሪት ሽታ ብቅ አለ። ወተቱ እየሳሳ ሄደ። እየሳሳ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል አሲድ ብንጨምር ከሥር ያለው ደቃቅ ነጭ ዱቄት አልቀነሰም።

አጣራነው። ባሪየም ሰልፌት ደቃቅ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ በወረቀቱ ያልፋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅንጣቶቹ እንዲያድጉ ቱቦውን እናሞቀው ነበር። እዚህ ግን ማሞቅ የምንፈልገውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ስለዚህ ወረቀቱን ደርበን፣ የወረደውን ፈሳሽ መልሰን እዚያው ወረቀት ላይ አፍስሰን፣ ትዕግሥት አደረግን። በሦስተኛው ዙር እንደ ውሃ ጥርት ያለ ፈሳሽ ወረደ።

ይህን ጥርት ያለ ፈሳሽ አስቡት። ሰልፌቱ ወጥቷል። ባሪየሙ ተርፎ እዚያው አለ። ሰልፋይቱም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሟሙቶ እዚያው አለ። አሲዱ ስላለ ግን አይዘቅጡም። 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሰጠኋትና "ሦስት ጠብታ" አልኳት።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ስታርፍ ፈሳሹ ውስጥ ጭስ የመሰለ ነጭ ክር ወረደ። በሦስተኛዋ ቱቦው እንደገና ወተት ሆነ። ተማሪዋ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስታ ብዙ ቆየች።

```
Ba²⁺ + SO₂ + H₂O₂ → BaSO₄ + 2H⁺
```

ወረቀቱ ላይ የቀረው ነጭ ዱቄት ቀድሞ የነበረው ሰልፌት ነው። ፐርኦክሳይዱ ያመጣው ነጭ ደግሞ ሰልፋይት የነበረው ነው። አንድ ቱቦ፣ ሁለት ነጭ፣ ሁለት የተለያየ ትርጉም። ፐርኦክሳይዱ ራሱ ሰልፌት እንዳይኖርበት ባሪየም ክሎራይድና አሲድ ብቻ ባለበት ቱቦ ላይ አስቀድመን ሞክረነው ነበር። ምንም አልታየም።

አንድ ጥያቄ ቀረ። ወረቀቱ ላይ የቀረው ሰልፌት ከጠርሙሱ ነው የመጣው ወይስ ስንሠራ ከአየር ጋር ተገናኝቶ የተፈጠረ ነው? ሰልፋይት በውሃ ውስጥ ሆኖ አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ሰልፌት ይሆናል። መጣደፍ ይረዳል፤ ግን ምን ያህል መጣደፍ እንደሚበቃ በግምት አይታወቅም። ስለዚህ አዲስ የተከፈተ ሶዲየም ሰልፋይት አመጣንና በእኩል መጠን፣ በእኩል ጊዜ፣ ጎን ለጎን ሠራነው። አሲድ ሲጨመር የአዲሱ ቱቦ ሙሉ ለሙሉ ጥርት ሊል ምንም አልቀረው፤ ብርሃን ላይ ሲያዝ ብቻ የምትታይ ስስ ጉም ነች የቀረችው። የእኛው ቱቦ ከሥሩ ጣት የሚሞላ ነጭ ደለል ነበረው። ልዩነቱን ለማየት መነጽር አያስፈልግም። ሰልፌቱ ከጠርሙሱ ነው የመጣው።

የላላው ክዳንና ዳር ዳሩ የተጋገረው ጨው አሁን ትርጉም ሰጡ። ሶዲየም ሰልፋይት እርጥበትና አየር እያገኘው ከቆየ ወደ ሶዲየም ሰልፌት ይለወጣል። ተማሪዋ "ሰልፌት" ያለችው ትክክል ነበር። ያመለጣት ሰልፌቱ የተወለደበት ሰልፋይት ነው።

ክሎራይዱ፣ አሁን በትክክለኛው ቱቦ

አዲስ 2 ሚሊ ሊትር። የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ጨምረን ጭስ ማስወጫው ሥር፣ ዳይክሮሜት ወረቀት አረንጓዴ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ ቀስ ብለን አፈላነው። እዚህ ሰልፋይቱ ወደ ሰልፌት ቢለወጥም ግድ የለንም፤ የምንጠይቀው ስለ ክሎራይድ ነው። ቀጥሎ ባሪየም ናይትሬት ጨምረን ሰልፌቱን አወጣነውና አጣራነው። ጥርት ባለው ላይ ሦስት ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት። ጓንት አድርጉ፤ ቆዳ ላይ ካረፈ የሚያጠቁረው ለቀናት አይለቅም።

ስስ ጉም ታየ። መስታወት ላይ ሰው የተነፈሰበት ይመስላል።

"ክሎራይድ አለ!" አለች። ወዲያው ግን ራሷ ተጠራጠረች። "ወይስ..."

ቱቦውን በምን እንዳጠበችው ጠየቅኳት። በቧንቧ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ አለው፤ ሲልቨር ናይትሬት ደግሞ ለጥቂቱም ይደነግጣል። ቱቦውን፣ ፈነሉንና ማንጠባጠቢያውን በዲስቲልድ ውሃ ሦስት ሦስት ጊዜ አለቅልቃ ከመጀመሪያው ደገመችው። በዚህ ጊዜ ጥርት እንዳለ ቀረ። እዚያው ላይ አንዲት ጠብታ በጣም የቀጠነ የሶዲየም ክሎራይድ ሙሙት ጨመረች። ወዲያው ነጭ ሆነ። ምርመራው ይሠራል፤ ጨው ውስጥ ግን ክሎራይድ የለም።

ዋናው ክሎራይድ ቢሆን ኖሮ ጉም አይሆንም ነበር። በዚህ ክምችት የጨው አካል የሆነ ክሎራይድ ወፍራም እርጎ ነው የሚሠራው። ጉም ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እቃው ነው።

ናይትሬትን በአጭሩ አለፍነው። ሲልቨር ናይትሬትም ናይትሪክ አሲድም ካልነካው የመጀመሪያ ሙሙት ቀድተን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር አሞቅነው። አሞኒያ አልወጣም፤ ስለዚህ አሞኒየም የለም። ከዚያ የአሉሚኒየም ዱቄት ጨመርን። ናይትሬት ቢኖር ኖሮ አሞኒያ ሆኖ ይወጣና በቱቦው አፍ ላይ የተያዘውን እርጥብ ቀይ ሊትመስ ሰማያዊ ያደርገው ነበር። አላደረገውም። አፉ ላይ ጥጥ መወተፍ አይዘንጋ። ድብልቁ ኃይለኛ ስለሆነ የሚረጨው ጠብታ ራሱ ሊትመሱን ሰማያዊ አድርጎ ያታልላል።

የነበልባሉ ምርመራ ጠንካራና ቶሎ የማይጠፋ ቢጫ ሰጠ፤ ሶዲየም። ጠርሙሱ ላይ አዲስ ወረቀት ለጠፍንና "ሶዲየም ሰልፋይት፣ በከፊል ወደ ሰልፌት የተለወጠ፣ በምርመራ የተለየ" ብለን ጻፍንበት፤ ቀኑንም ጨመርን። ምን ያህሉ ሰልፌት እንደሆነ በዚህ ዓይነት ምርመራ አይታወቅም። ሰልፋይቱን በአዮዲን መለካት ያስፈልጋል። ስለዚህ "ለመለኪያ ሥራ አይሁን" የሚል መስመር አከልንበት።

ልንወጣ ስንል የቱቦ መደርደሪያው ላይ ያ የመጀመሪያው ቱቦ ቆሞ አየሁት። ዝቃጩ በአሞኒያ የሟሟበት፣ ጥርት ያለው፣ "ክሎራይድ" ያስባላት። ሲልቨርና አሞኒያ የተቀላቀሉበት ፈሳሽ ማደር የለበትም። ቆይቶ ሲደርቅ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ ነገር ሊፈጥር ይችላል።

"ናይትሪክ አሲድ ጨምሪበትና ወደ ሲልቨር ቆሻሻው እቃ ገልብጪው" አልኳት።

አሲዱን ጠብ ጠብ አደረገች። አሞኒያው ሲሸነፍ ያ እርጎ የመሰለ ነጭ ዝቃጭ እንደገና ተመልሶ መጣ።

"የኔ ክሎራይድ" አለችና ገለበጠችው።